ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ፦ የወረቀት ሰነድን በስልክ አጥርቶ ማንሳት

አንድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ከማመልከቻ ጋር ሲያያይዝና «ሰነዱ አይነበብም» የሚል መልስ ሲመጣለት፣ በሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ስልኩን ወደ ወረቀቱ ይበልጥ ማስጠጋት ነው። ነገሩ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ሲያስቸግረን ወረቀቱን ወደ ዓይናችን የምናቀርበው ለዚሁ ነውና። የስልክ ካሜራ ግን ከመጠን በላይ ሲጠጋ ሌንሱ አጥርቶ ማየት ከሚችልበት ርቀት በታች ይወርዳል፣ የስልኩና የእጅዎ ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፣ ጥቂት ማዘንበልም የገጹን ቅርጽ በጣም ያዛባዋል። ስለዚህ የሚከተለው መመሪያ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚወሰነው ርቀቱ ነው፣ ርቀቱ በልኩ ከሆነ የብርሃኑም የማጥራቱም ሥራ ይቀልላል። ለኤ4 ወረቀት ልኩ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱንና አሠራሩን ለማሳየት በአራት ታጥፎ ዓመታት የቆየ፣ የባለቤቱ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈበት፣ ግርጌው ላይ ሐምራዊ ክብ ማኅተም ያረፈበት አንድ የልደት ምስክር ወረቀት በምሳሌነት እንያዝ።

በአብዛኞቹ ስልኮች ዋናው ካሜራ የሚሰጠው የተለመደ ፎቶ 12 ሜጋፒክሰል ነው፤ ይህም በረጅሙ ጎን 4000፣ በአጭሩ 3000 ፒክሰል ማለት ነው። ይህ ካሜራ ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲያይ በረጅሙ ጎን 40 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያያል። 40 ሳንቲሜትር 400 ሚሊሜትር ስለሆነ 4000ው ፒክሰል ሲካፈልለት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 10 ፒክሰል ይደርሰዋል። የፎቶ ኮፒ ቤት ስካነር በ300 ዲፒአይ ሲያነብ ለሚሊሜትር 12 ፒክሰል ያህል ይሰጣል፤ እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም ማለት ነው። የኤ4 ወረቀት ርዝመት 29.7 ሳንቲሜትር ስለሆነ በፎቶው ውስጥ በግራም በቀኝም 5 ሳንቲሜትር ያህል ትርፍ ቦታ ይኖረዋል፤ አራቱም ጠርዞች ይታያሉ፣ ምንም አይቆረጥም። ስልኩን ወደ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ቢያደርጉት ለሚሊሜትር የሚደርሰው ወደ 5 ፒክሰል ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ለደቃቅ ጽሑፍ አይበቃም። ማስመሪያ ከሌለዎት ሌላ ኤ4 ወረቀት በቁመቱ ከሰነዱ አጠገብ ያቁሙ፤ የስልኩ ከፍታ ከወረቀቱ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን 30 ሳንቲሜትር ላይ ደርሰዋል።

«ፊደሉ ለዓይን ከታየ ስንት ፒክሰል እንዳለው ምን ያገባኛል?» የሚል ይኖራል። ያገባዎታል፤ በተለይ ሰነዱ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ። «ሉ»፣ «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለ አንድ ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምልክት እግሩ መካከል ላይ ነው፣ የሁለተኛው እግሩ ጫፍ ላይ፣ የሦስተኛው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ሆኖ ይከባል። በተለመደው የሰነድ ጽሑፍ መጠን ይህ ምልክት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለሚሊሜትር 10 ፒክሰል ሲኖር ምልክቱ 5 ፒክሰል ያገኛል፤ መካከል ላይ ይሁን ጫፍ ላይ፣ ቀጥ ያለ ይሁን የከበበ ይለያል። 3 ፒክሰል ብቻ ሲኖር ግን ምልክቱ ወደ አንድ ተኩል ፒክሰል ስለሚወርድ ሦስቱም ፊደላት እግራቸው ያበጠ «ለ» ይመስላሉ። የሰነዱ ባለቤት ይህን አያስተውልም፤ ስሙን ስለሚያውቀው ያልታየውንም ፊደል በሐሳቡ ሞልቶ ያነብበዋል። መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ሠራተኛ ወይም አስተርጓሚ ግን ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያ ፎቶ ላይ ነው። በአማርኛው ስምና በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መካከል ልዩነት ቢያገኝ ሰነዱን ይመልሰዋል፤ ይባስ ብሎም የተሳሳተውን ይመዘግበዋል።

ስልካቸው 50 ወይም 108 ሜጋፒክሰል ያለው አንባቢዎች ይህ ስሌት እነርሱን እንደማይመለከት ያስቡ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ስልኮች በተለመደው አሠራር ብዙ ፒክሰሎችን እያጣመሩ የሚያስቀምጡት መልሰው 12 ሜጋፒክሰል አካባቢ ነው፤ ሙሉውን ለማግኘት ከካሜራው ምርጫዎች ውስጥ ገብቶ መቀየር ይጠይቃል። ቢቀይሩትም የተንቀጠቀጠ እጅ ወይም ቅባት የነካው ሌንስ የሚያደበዝዘውን ፒክሰል ማብዛት አይመልሰውም። እንደዚሁ በጣት ከፍተው የሚያጎሉት ምስል በአብዛኛው ያው ፎቶ ተቆርጦ የተለጠጠ ነው እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ስልክዎ አርቆ የሚያሳይ እውነተኛ ሁለተኛ ሌንስ ካለው ግን፣ 2 ወይም 3 እጥፍ የሚለውን መርጦ በዚያው ልክ ከፍ ማለት ጥሩ ነው፤ ጥላውም መዛባቱም ይቀንሳል። ሰፊ የሚያሳየውን፣ 0.5 ወይም 0.6 ተብሎ የሚጻፈውን ሌንስ ለሰነድ አይጠቀሙበት፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይለጥጠዋል።

መጠጋት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ትንንሽ ሰነዶችን ሲያነሱ ነው። የባንክ ካርድ የሚያህል መታወቂያ 8.5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሚረዝም፣ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ እንዲሞላው የሚፈልግ ሰው ስልኩን 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ድረስ ያወርደዋል። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ በዚያ ርቀት አጥርቶ አያይም፤ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች እንዲያውም ከ20 ሳንቲሜትር በታች ይቸገራሉ። ከዚያ ስልኩ ሳይጠይቅዎ ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይራል፤ ምስሉ በድንገት ዘለል ሲልና የካርዱ ጠርዝ ሲጎብጥ መቀየሩን ያውቁታል። መፍትሔው መታወቂያውን ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ አንስቶ ዙሪያውን ባዶ ቦታ መቁረጥ ነው። ከዚያ ከፍታ ለሚሊሜትር 15 ፒክሰል ስለሚደርስ፣ ካርዱ ከፎቶው ሲሶ ያህሉን ርዝመት ብቻ ቢይዝም፣ ከላይ ካየነው ኤ4 ይበልጥ ዝርዝር አለው። ሰነዱ ፎቶውን መሙላቱ በራሱ ግብ አይደለም።

ርቀቱ ከታወቀ ቀጥሎ ወረቀቱን ማዘጋጀት ነው። በአራት የታጠፈው ምስክር ወረቀታችን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ በመስቀለኛው እጥፋት ላይ እንደ ጣሪያ ይቆማል፤ መካከሉ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ሊነሳ ይችላል። ይህ ሁለት ነገር ያበላሻል። ከ30 ሳንቲሜትር ላይ ለሚያይ ካሜራ 2 ሳንቲሜትር የተነሳው ክፍል ከሌላው 7 በመቶ ያህል ተልቆ ይታያል፣ መስመሮቹም ይጎብጣሉ። ሌንሱ መካከሉን ሲያጠራ ጠርዙ፣ ጠርዙን ሲያጠራ መካከሉ ሊደበዝዝ ይችላል። ከዚህም ሌላ እጥፋቱ በአንድ ወገን ጥላ ስለሚጥል፣ እጥፋት ላይ የወደቀ ቀን ወይም ቁጥር በጥላው ይዋጣል። ጊዜ ካለዎት ሰነዱን በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩት። ጊዜ ከሌለዎት እጥፋቱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ በቀስታ ያለዝቡት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አይሞክሩት፣ ይቀደዳል። በካውያ መተኮስ አይገባም፤ ማኅተሙንና የተለጠፈውን ፎቶ ይጎዳል፣ በሙቀት የሚታተም የደረሰኝ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ይጠቁራል። ጠርዞቹን በጣት ይዞ ማንሳትም ጥሩ አይደለም፤ ጣቱ አንድ ነገር ይሸፍናል፣ ሰነዱ ላይ የተደራረበ ነገር ሲኖር ተቀባዩ ላይቀበለው ይችላል። ጫፉ አልተኛ ካለ ከሥሩ ትንሽ የሚለጠፍ ነገር አጥፈው ያድርጉ፤ ማጣበቂያው ጽሑፍና ማኅተም ካለበት ቦታ ይራቅ።

ከሥር የሚነጠፈው ጠቆር ያለና ጌጥ የሌለው ይሁን፤ ጥቁር ጨርቅ፣ ቡናማ ጠረጴዛ፣ ጠቆር ያለ የመጽሐፍ ሽፋን ይበቃል። ነጭ ወረቀት በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲነሳ የት እንደሚያልቅ አይለይም፤ የሰነዱን ጠርዝ ፈልጎ የሚቆርጠው መተግበሪያም ይሳሳታል፣ ተቀባዩም ገጹ ተቆርጦ ይሆናል ብሎ ይጠራጠራል። ወረቀቱ ስስ ሆኖ በጀርባው ያለው ጽሑፍ የሚያሳልፍ ከሆነ ጥቁር ወረቀት ከሥሩ ማድረግ የጀርባውን ጽሑፍ ያደበዝዘዋል፣ የፊቱ ጎልቶ ይነበባል።

አሁን ስልኩን ከገጹ ጋር ትይዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተቀምጦ ማንሳት የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩ ሁልጊዜ ወደ ባለቤቱ ያዘነብላል። ከ30 ሳንቲሜትር ላይ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል እንኳ የገጹ አንዱ ጠርዝ ከሌላው 9 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ይቁሙ፣ ወረቀቱን ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ያድርጉ፣ ስልኩ ልክ ከገጹ መካከል በላይ ይሁን። ካሜራው ላይ የሚታዩ መስመሮችን፣ ማለትም ፍርግርጉን፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ያብሩ፤ የወረቀቱ ጠርዝ ከመስመሮቹ ጋር እኩል ከሄደ ስልኩ ትይዩ ነው። በብዙ ስልኮች ካሜራው ቁልቁል ሲያይ ሁለት የመደመር ምልክቶች ይታያሉ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ስልኩ አግድም ሆኗል ማለት ነው። ወረቀቱ ራሱ የተኛበት ጠረጴዛ ካላዘነበለ ይህ ምልክት ከዓይን ግምት ይበልጣል።

ብርሃኑ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ርቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ፎቶን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እርሱ ነው። ምርጡ ከጎን በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ነው፤ ፀሐይዋ ራሷ ወረቀቱ ላይ ሳታርፍ። ወረቀቱን መስኮቱ በግራዎ ወይም በቀኝዎ እንዲሆን አድርገው ያስቀምጡ። ከጀርባዎ ከሆነ የራስዎ ጥላ ይወድቃል። ውጭ ካነሱ በረንዳ ወይም የግድግዳ ጥላ ሥር ይሁን፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ መካከል ላይ የእጥፋቱ ጥላ ሁሉ እንደ ጥቁር መስመር ይወጣል። ከመስኮቱ የራቀው የወረቀቱ ጎን ከቀረበው ጠቆር ይላል፤ በዚያ በኩል አንድ ነጭ ወረቀት ወይም ካርቶን አቁመው ብርሃኑን መልሰው ያሳርፉበት። ከጣሪያ መካከል የተሰቀለ አምፖል ሥር ማንሳት ግን አይመከርም፤ ስልኩ በአምፖሉና በወረቀቱ መካከል ስለሚገባ ጥላው በትክክል ጽሑፉ ላይ ያርፋል። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ዓይን በማያየው ፍጥነት ስለሚርገበገቡ ፎቶው ላይ አግድም ጠቆር ያሉ ሽንትሮች ይተዋሉ። ሽንትር ካዩ ጥፋቱ የካሜራዎ አይደለም፤ ወደ መስኮት ይሂዱ። በማታ የግድ ከሆነ ሁለት መብራት በግራና በቀኝ፣ ከወረቀቱ ራቅ አድርገው በእኩል ርቀት ያስቀምጡ፤ ጊዜ ካለዎት ግን ንጋትን መጠበቅ ይሻላል።

«ፍላሽ የተሠራው ለዚሁ አይደለም ወይ?» ለሚል፦ ፍላሽ የተሠራው ሜትሮች ርቆ ለሚቆም ሰው ነው። ከ30 ሳንቲሜትር ላይ የወረቀቱን መካከል ያነጣዋል፣ ጥጎቹን ያጠቁራል። ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ላይ ደግሞ እንደ ነጭ እሳት ያበራና ሥሩ ያለውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ይሰርዘዋል፤ ከሌንሱ አጠገብ የወጣው ብርሃን ቀጥታ ወደ ሌንሱ ስለሚመለስ ነው። የሚያብረቀርቅ ገጽ ብርሃንን በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ተቃራኒው ወገን ይመልሳል። ስለዚህ ካሜራው ከላይ፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣ ነጸብራቁ ወደ ሌላው ጎን ያልፋል እንጂ ሌንሱ ውስጥ አይገባም። አሁንም ካብረቀረቀ የሚያዩት የጣሪያውን ወይም የነጭ ልብስዎን ነጸብራቅ ነው፤ ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ወይም ወረቀቱን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ያርቁት። ነጸብራቁን ለማጥፋት ብለው ስልኩን አያዘንብሉ፤ ወረቀቱን ከነጠረጴዛው ያዙሩት። ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን በግፊት አጉብጦ የታተመ ማኅተም ያለበት ሰነድ ሲሆን ከጎን የሚመጣው ብርሃን ሌላ ጥቅም አለው፤ የማኅተሙ ጉብታ የሚታየው በትንንሽ ጥላዎቹ ነውና። ፍላሽ እነዚህን ጥላዎች ስለሚያጠፋ ማኅተሙ የሌለ ያህል ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰነድ ያቆሙትን ነጭ ካርቶን ያንሱት፤ ብርሃኑ በአንድ ወገን ቢበረታ ይሻላል።

ከማንሳትዎ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከኪስና ከእጅ የሚነካው ቅባት ነጩን ወረቀት ጭጋጋም ያደርገዋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ያለበትን ቦታ፣ ባዶውን ነጭ ሳይሆን ፊደሉን፣ ይንኩ። ሌንሱ ለማጥራት የብርሃንና የጥቁር ልዩነት ይፈልጋል፤ ባዶ ነጭ ላይ ሲነኩት የሚይዘው ያጣል። ጣትዎን ለጥቂት ጊዜ ቢያቆዩት በብዙ ስልኮች ያጠራውን ርቀት ይቆልፈዋል። ካሜራ ሰፊ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ስለሚያጠቁረው ወረቀቱ ግራጫ ሊመስል ይችላል፤ ከነኩበት ቦታ አጠገብ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ትንሽ ይግፏት። የሚቆሙት ወረቀቱ ነጭ መምሰል ሲጀምር ነው፤ ከዚያ ካለፉ የደበዘዘው ሐምራዊ ማኅተም መጥፋት ይጀምራል፣ ስለዚህ ዓይንዎ ማኅተሙ ላይ ይሁን። በመጨረሻ የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ያብሩና ክርንዎን ጎንዎ ላይ አጥብቀው ስልኩን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ቁልፉን የመጫኑ ንቅናቄ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ያልፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ያንሱ።

አሁን መመርመር ነው፤ ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው። ፎቶውን ከፍተው አጉሉትና መካከሉን ሳይሆን አራቱን ጥጎች ይዩ፤ መካከሉ በአብዛኛው ጥሩ ይሆናልና ምንም አይነግርዎትም። ብዥታ ካገኙ ዓይነቱን ይለዩ። ፊደሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርቦ ሁለት የሚመስል ከሆነ እጅዎ ተንቀሳቅሷል፤ ብርሃን ይጨምሩ ወይም ስልኩን ይደግፉት። ፊደሉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካበጠ አልጠራም፤ ምናልባት በጣም ቀርበዋል፣ ከፍ ብለው እንደገና ይንኩት። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ወረቀቱ እዚያ ተነስቷል ወይም ስልኩ አዘንብሏል። ፊደሉ ጥርት ብሎ ገጹ ሁሉ ጭጋጋም ከሆነ ሌንሱ ነው። ከዚያ ስሙን ለማያውቅ ሰው ስልኩን ይስጡና ከሰነዱ ላይ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የእናትን ስምና ማኅተሙ ዙሪያ የተጻፈውን እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። አንዱ ላይ ከተንተባተበ ፎቶው አልሆነም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የስካን መተግበሪያ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው ተቃውሞ በከፊል ትክክል ነው። በአይፎን Notes ውስጥም ሆነ በGoogle Drive ውስጥ ያለው የስካን መሣሪያ ጠርዝ ይፈልጋል፣ የተንጋደደውን ያቃናል፣ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ያጠቃልላል፤ ለብዙ ገጽ ሰነድ እርሱን መጠቀም ተገቢ ነው። ካሜራው ያልያዘውን ፊደል ግን ሊያመጣው አይችልም፤ የተንጋደደውን ሲያቃናም ጠባቡን ጠርዝ እየለጠጠ ስለሆነ እዚያ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል። የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ ማጣሪያው ነው። ጥቁርና ነጭ የሚለው ምርጫ ፈዘዝ ያለውን ሁሉ ወደ ነጭ ስለሚገፋው ያረጀ ሐምራዊ ማኅተምና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተፈረመ ፊርማ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ያልጠፋውም ወደ ጥቁር ሲቀየር ፎቶ ኮፒ ይመስላል፣ ተቀባዩም «ዋናውን ላክ» ይላል። መተግበሪያውን ይጠቀሙ፣ ግን ባለቀለሙን ምርጫ ይምረጡ፤ ከላይ ያሉትን ደረጃዎችም አይዝለሉ። ስካነር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በአቅራቢያዎ ካለና ሰነዱ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በ300 ዲፒአይ፣ በቀለም ስካን እንዲያደርጉልዎት ጠይቀው ፋይሉን መውሰድ ከስልክ ይሻላል። ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ኮፒውን ፎቶ ማንሳት ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። ፋይሉን ሲወስዱ ከኮምፒውተራቸው ላይ ዓይንዎ እያየ ያስጠፉት።

በጥሩ ሁኔታ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመላኩ ላይ ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ዝቅ ይላል። 40 ሳንቲሜትር ያየው ፎቷችን 4000 ፒክሰል የነበረው 1280 ሲሆን ለሚሊሜትር የሚቀረው 3 ፒክሰል ያህል ነው፤ «ሉ»ንና «ሊ»ን መለየት ያልተቻለበት መጠን ይኸው ነው። ስለዚህ ሲልኩ File የሚለውን መርጠው ፋይል አድርገው ይላኩ። የፎቶውን ስክሪን ሹት አንስቶ መላክም ያው ጉዳት አለው፤ የሚላከው የስክሪኑ ፒክሰል ብቻ ነውና። የማመልከቻው ቅጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ አልቀበልም ካለ የመጀመሪያው እርምጃ ዙሪያውን ባዶ ጠረጴዛ መቁረጥ ነው፤ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይተዉ። ካልበቃ በጄፔግ ጥራቱን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ያድርጉ። ይህም ካልበቃ ብቻ የረጅሙን ጎን ፒክሰል ይቀንሱ፤ ለኤ4 ከ2000 በታች አይውረዱ፣ ከዚያ በታች ለሚሊሜትር የሚደርሰው ከ7 ፒክሰል ያንሳል። አይፎን ፎቶውን በ.heic ስለሚያስቀምጠው ቅጹ አልቀበል ሊል ይችላል፤ Settings ውስጥ Camera፣ ቀጥሎ Formats ገብተው Most Compatible የሚለውን ከመረጡ ከዚያ በኋላ የሚያነሱት በ.jpg ይቀመጣል።

የቀነሱትን ፋይል ጭነው ሲጨርሱ ያልተነካውን የመጀመሪያ ፎቶ አይሰርዙት። በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት በሌላ መጠን ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ትልቁን መቀነስ ይቻላል፣ የተቀነሰውን ግን ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።